አንድ መስመር ሲቀየር የትኛው ቴስት ይሂድ? የፔይሮል ሪግሬሽን ቴስት አመራረጥ ዳሰሳ

የደመወዝ ስሌት ሞጁል ላይ የሚደረጉ ለውጦች አብዛኞቹ ትንንሽ ናቸው። አንድ መስመር ይነካል፣ አንድ ቁጥር ይተካል፣ አንድ ማጠጋጋት ከቦታው ይነሳል። ለውጡን መጻፍ የደቂቃዎች ሥራ ነው። ከባዱ ክርክር የሚነሳው ከዚያ በኋላ ነው፦ ደመወዝ ሊከፈል ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ከነበሩት ቴስቶች የትኞቹን እናስኬድ? ሁሉንም የሚል አለ፤ የነካነውን ብቻ የሚል አለ፤ ያለፈውን ወር ደመወዝ ደግመን እንሥራና እናወዳድር የሚልም አለ። ሦስቱም ከኋላቸው ረጅም የምርምርና የልምድ ታሪክ አላቸው። ይህ ዳሰሳ አንድ ትንሽ ለውጥ ይዞ ሦስቱንም በየተራ ይፈትሻቸዋል።

ለውጡ

የምንይዘው ለውጥ የትርፍ ሰዓት ክፍያን ይመለከታል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ትርፍ ሰዓት የሚከፈለው የመደበኛው ሰዓት ተመን ተባዝቶ ነው፤ ቀን በ1.5፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት በ1.75፣ በሳምንት የዕረፍት ቀን በ2፣ በሕዝብ በዓል በ2.5። ሠራተኞቹ በሳምንት 48 ሰዓት የሚሠሩ ከሆነ የሰዓት ተመኑ የሚገኘው የወር ደመወዝ ለ208 ሲካፈል ነው፤ 48 በ52 ሳምንታት ተባዝቶ ለ12 ወራት ሲካፈል 208 ይሆናልና። ቀድሞ የነበረው ኮድ እንዲህ ነው እንበል፦

```python
def overtime_pay(basic, lines):
    rate = money(basic / HOURS)
    return sum(money(rate * h * f) for h, f in lines)
```

`money` ማንኛውንም ቁጥር ከነጥብ በኋላ ወደ ሁለት አሃዝ፣ ማለትም ወደ ሳንቲም ያጠጋጋል፤ ግማሽ ሳንቲም ሲያጋጥመው ወደ ላይ ይወስዳል። `lines` እያንዳንዱ የትርፍ ሰዓት ዓይነት ከነማባዣው የተዘረዘረበት ነው። የፋይናንስ ክፍሉ የሰዓት ተመኑ አስቀድሞ መጠጋጋቱ ሳንቲም እያዛባ ነው ብሎ ስላመለከተ ፕሮግራመሩ አንዲት መስመር ቀየረ፦

```python
    rate = basic / HOURS
```

ውጤቱን በአንድ ሠራተኛ ላይ እንየው። መሠረታዊ ደመወዙ 9,500 ብር ነው፤ በወሩ ውስጥ 10 ሰዓት ቀን ላይ ተርፎ ሠርቷል። 9,500 ለ208 ሲካፈል 45.67307… ይመጣል። የቀድሞው ኮድ ይህንን 45.67 አድርጎ በ15 ሲያባዛው 685.05 ብር ያገኛል። አዲሱ ሳያጠጋጋ አባዝቶ በመጨረሻ ሲያጠጋጋ 685.10 ብር ይሆናል። ልዩነቱ አምስት ሳንቲም ነው።

አምስቱ ሳንቲም ግን እዚያው አይቀርም። ጥቅል ገቢው ከ10,185.05 ወደ 10,185.10 ያድጋል። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር ሠንጠረዥ ከ10,000 በላይ እስከ 14,000 ብር ያለው ገቢ በ30 በመቶ ተሰልቶ 1,350 ይቀነስለታል፤ ስለዚህ ግብሩ ከ1,705.52 ወደ 1,705.53 ይሄዳል። የጡረታ መዋጮው የሚሰላው ከመሠረታዊ ደመወዝ 7 በመቶ ስለሆነ 665 ብር እንደሆነ ይቀራል። እጅ ላይ የሚደርሰው ከ7,814.53 ወደ 7,814.57 ይለወጣል። አንድ መስመር ተነክቶ በፔይስሊፑ ላይ አራት ቁጥሮች ተቀየሩ፤ አንዱ ደግሞ መቀየር ስለሌለበት ሳይቀየር ቀረ። ቴስት የሚመርጥ ሰው ሁለቱንም ማየት አለበት።

ሁሉንም ማስኬድ

ቀላሉ መልስ አለመምረጥ ነው። ቴስቶቹ የስሌት ፈንክሽኖችን በቀጥታ የሚጠሩ ትንንሽ ቴስቶች ከሆኑ በሰከንዶች ስለሚያልቁ ምርጫው ከሚያስወጣው ጭንቀት ሁሉንም ማስኬዱ ይረክሳል። ብዙ ቡድኖች በዚህ በኩል ያለ ምክንያት ይራቀቃሉ።

ችግሩ የሚጀምረው በሰዓታት የሚለካው ቴስት ላይ ነው። ወር የሚከፍት፣ የሰዓት መቆጣጠሪያ መረጃ የሚያስገባ፣ ደመወዝ የሚሠራ፣ የባንክ ፋይል የሚያወጣ፣ የሒሳብ ጆርናል የሚያስተላልፍና ወሩን የሚዘጋ ሙሉ ዑደት ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው። በእጅ የሚሠራው ደግሞ ይብሳል፤ የፋይናንስ ባለሙያ ፔይስሊፕ ከኤክሴል ጋር እያስተያየ የሚፈትሽበት ሥራ በማሽን ብዛት አይፈጥንም። ስለዚህ የምርጫው ጥያቄ በእውነት የሚነሳው በእነዚህ ላይ ነው። ትንንሾቹን ሁሉ ማስኬድ፣ ምርጫን ለከባዶቹ ማቆየት የመጀመሪያው ምክንያታዊ ክፍፍል ነው።

ሁሉንም ማስኬድ ሌላም ስውር ድክመት አለው። ሁሉም ሄደው ሁሉም ሲያልፉ ለውጡ የተፈተነ ይመስላል። እንዳልተፈተነ ሊቀር የሚችልበትን መንገድ ከታች እናየዋለን።

ኮዱን ተከትሎ መምረጥ

የምርምሩ ዓለም ዋና መንገድ ይህ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ እያንዳንዱ ቴስት ሲሄድ የትኛውን ኮድ እንደሚነካ ይመዘገባል፤ ኮዱ ሲቀየር የተቀየረውን ክፍል የነኩት ቴስቶች ብቻ ይመረጣሉ። ግሬግ ሮተርሜልና ሜሪ ጂን ሃሮልድ እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጡት ጽሑፍ እነዚህን ዘዴዎች የሚመዝኑበትን መስፈርት አስቀመጡ። ከመስፈርቶቹ ሁለቱ እዚህ ይጠቅሙናል። አንደኛው ዘዴው ውጤታቸው የሚለወጥ ቴስቶችን አንድም ሳያመልጠው ይይዛል ወይ የሚል ነው፤ ይህንን በተወሰኑ ቅድመ ሁኔታዎች ሥር የሚያረጋግጠው ዘዴ አስተማማኝ ይባላል። ሁለተኛው ደግሞ የማያስፈልጉትን ምን ያህል ይተዋል የሚል ነው።

መሣሪያዎቹ የሚለያዩት ኮዱን በሚቆርሱበት ስፋት ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የቀረበው ኤክስታዚ የተባለው የጃቫ መሣሪያ በፋይል ደረጃ ይከታተላል፤ ቴስቱ የነካው ፋይል ከተቀየረ ቴስቱ ይመረጣል። ለፓይተን ያለው `pytest-testmon` ደግሞ ወደ ፈንክሽን ደረጃ ይወርዳል። አጥብቦ በቆረሰ ቁጥር የሚመርጠው ያንሳል፣ የመከታተሉ ወጪ ግን ይጨምራል።

እስቲ በእኛ ለውጥ ላይ እንሞክረው። ግብሩ፣ ጡረታውና ትርፍ ሰዓቱ በአንድ ፋይል ውስጥ ተጽፈው ከሆነ የፋይል ደረጃው መሣሪያ ስሌት የሚነካ ቴስት በሙሉ ይመርጣል። የፈንክሽን ደረጃው ይሻል ይሆን? `overtime_pay` ለሁሉም ሠራተኛ የሚጠራ ከሆነ አይሻልም፤ ትርፍ ሰዓት ያልሠራው ሠራተኛም ባዶ ዝርዝር ይዞ ያልፍበታል። ወደ መስመር ደረጃ ብንወርድስ? ኮዱን ደግመን እንይ፤ የተቀየረችው መስመር የሰዓት ተመን የምታሰላዋ ናት፣ እሷም የትርፍ ሰዓት ዝርዝሩ ባዶ ቢሆን እንኳ ትሠራለች። ስለዚህ ጠባቡ ዘዴም ሙሉ የወር ስሌት የሚሠራውን ቴስት ሁሉ ይመርጣል። ትርፍ ሰዓት የሌለው ሠራተኛ ክፍያ ከዚህ ለውጥ አንዲት ሳንቲም ሊለወጥ እንደማይችል ኮዱን አንድ ጊዜ ያየ ሰው ያውቃል፤ መሣሪያው ግን አያውቅም። ፔይሮል እንደዚህ ዓይነት ኮድ የበዛበት ነው፤ ሁሉም ሠራተኛ በአንድ ቦይ ስለሚፈስ ማዕከሉ ላይ ያለ ለውጥ ሁሉንም ይነካል።

ማለፍና መለየት

ሮተርሜልና ሃሮልድ አንድ ልዩነት በግልጽ አስቀምጠዋል፦ በተቀየረው ኮድ የሚያልፍ ቴስት አንድ ነገር ነው፣ በለውጡ ምክንያት የተለየ ውጤት የሚያወጣ ቴስት ሌላ ነገር ነው። ኮድ ተከታይ ዘዴዎች በተግባር የሚያውቁት የመጀመሪያውን ነው። የሚጠቅመን ግን ሁለተኛው ነው።

በፔይሮል ቴስቶች ውስጥ ይህ ልዩነት የሚገለጥበት አንድ የተለመደ ነገር አለ። ቴስት የሚጽፍ ሰው መልሱን በጭንቅላቱ ማስላት ስለሚፈልግ ቀና ቁጥር ይመርጣል። በ208 ለሚካፈል ስሌት ቀና ቁጥር 10,400 ነው፤ የሰዓት ተመኑ ልክ 50 ብር ይሆናል። 8,320 ደግሞ 40 ብር፣ 6,240 ደግሞ 30 ብር ይሰጣል። የትርፍ ሰዓት ቴስቶቹ በሙሉ በእነዚህ ደመወዞች ተጽፈው ከሆነ የተቀየረችውን መስመር ሁሉም ያልፉባታል፣ ሁሉም ይመረጣሉ፣ ሁሉም አረንጓዴ ይሆናሉ፤ አንዳቸውም ግን ለውጡን አላዩትም። 50 ተጠጋጋም አልተጠጋጋም 50 ነው። ፕሮግራመሩ በስህተት `basic / HOURS` በሚለው ፈንታ ወደ ሙሉ ብር የሚያጠጋጋ ነገር ቢጽፍ እንኳ እነዚህ ቴስቶች አይነቁም።

ስለዚህ የመጀመሪያው የእጅ ሥራ ከተመረጡት መካከል ለውጡን ማየት የሚችሉትን መለየት ነው። የሚለዩበት መንገድ አጭር ነው፦ የቀድሞውንና አዲሱን ፈንክሽን ጎን ለጎን አስቀምጦ የእያንዳንዱን ቴስት ግብዓት ለሁለቱም መስጠት። ውጤታቸው ከተለያየ ቴስቱ ለውጡን ያያል። አንድም የሚለይ ካልተገኘ ምርጫ ብሎ ነገር የለም፤ የሚያስፈልገው አዲስ ቴስት ነው።

አዲሱ ቴስት ሁለቱንም አቅጣጫ መያዝ አለበት። የ9,500 ብሩ ሠራተኛ አምስት ሳንቲም ተጨምሮለታል። 9,000 ብር የሚከፈለው ሠራተኛ ግን የሰዓት ተመኑ 43.2692… ነው፤ ቀድሞ ወደ 43.27 ከፍ ብሎ ይጠጋጋ ስለነበር ለተመሳሳይ 10 ሰዓት 649.05 ብር ያገኝ ነበር፣ አሁን 649.04 ነው። አንድ ሳንቲም ተቀንሶበታል። ለሚጨምርላቸው ብቻ የተጻፈ ቴስት የለውጡን ግማሽ ብቻ ነው የፈተሸው፤ ወደ ሰው ሀብት ክፍል ጥያቄ ይዞ የሚመጣው ደግሞ ብዙ ጊዜ የተቀነሰበት ሠራተኛ ነው።

ኮዱ ውስጥ የማይታየው

ኮድ ተከታይ ዘዴዎች አስተማማኝ የሚባሉት መረጃቸውን የሰበሰቡበት ዓለም ውስጥ ነው። ከፓይተን ኮዱ ውጭ ያለው ከዓይናቸው ውጭ ነው፤ በፔይሮል ደግሞ ከውጭ ያለው ብዙ ነው።

የመጀመሪያው ሌላ ቦታ የተደገመ ስሌት ነው። የወሩ የትርፍ ሰዓት ሪፖርት ከዳታቤዙ በቀጥታ የሚወጣ ከሆነ ውስጡ ይህን የመሰለ መስመር ማግኘት አያስገርምም፦

```sql
ROUND(basic / 208, 2) * SUM(hours * factor)
```

ይህ የቀድሞው አሠራር ቅጂ ነው። ማንም አልነካውም፤ ስለዚህ የትኛውም መሣሪያ የሪፖርቱን ቴስት አይመርጥም። ለውጡ ወደ ሥራ ከገባ በኋላ ግን ሪፖርቱ ለ9,500 ብሩ ሠራተኛ 685.05 ይላል፣ ፔይስሊፑ 685.10 ይላል፤ ጆርናሉም አይመጣጠንም።

ROUND የሚለውን ከሪፖርቱ ማውጣትም ብቻውን አይበቃም። ያው ሠራተኛ አንድ ሰዓት ቀን፣ አንድ ሰዓት ሌሊት፣ አንድ ሰዓት በዕረፍት ቀኑ ሠራ እንበል። በአዲሱ ኮድ ሦስቱ መስመሮች 68.51፣ 79.93 እና 91.35 ይሆናሉ፤ ድምራቸው 239.79 ነው። ሪፖርቱ ግን ማባዣዎቹን አስቀድሞ ደምሮ 5.25 ካደረገ በኋላ አንድ ጊዜ ስለሚያባዛ ሲጠጋጋ 239.78 ያገኛል። እያንዳንዱን መስመር አጠጋግቶ መደመርና ደምሮ ማጠጋጋት አንድ አይደለም። የቀድሞው ኮድ በዚህ ሠራተኛ ላይ በሁለቱም መንገድ 239.77 ይሰጥ ነበር፤ ልዩነቱ የታየው ከለውጡ በኋላ ነው። የትርፍ ሰዓት ዓይነቶችን የሚቀላቅል ቴስት ከሌለ ይህ የሚገኘው ወሩ ሊዘጋ ሲል ጆርናሉ አልዘጋ ብሎ ነው።

ሁለተኛው በዳታቤዝ ረድፍ ውስጥ የተቀመጠ ደንብ ነው። የግብር ሠንጠረዡ በ2017 ዓ.ም. ሲሻሻል በአግባቡ የተሠራ ሥርዓት ውስጥ አንድም የኮድ መስመር መቀየር አላስፈለገም፤ የተቀየሩት ረድፎች ናቸው። ኮድ ተከታይ መሣሪያ እንዲህ ያለውን ለውጥ ምንም አልተቀየረም ብሎ አንድም ቴስት ላይመርጥ ይችላል። ከዚህ የሚከተለው ደንብ ቀላል ነው፦ የመጠን፣ የጣሪያና የማባዣ ሠንጠረዦችን የሚነካ ለውጥ እንደ ኮድ ለውጥ ተቆጥሮ፣ ሠንጠረዡን የሚያነቡ ቴስቶች በእጅ ከተያዘ ዝርዝር መመረጥ አለባቸው።

ሦስተኛው የተዘጋ ወር ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚረሳውም እሱ ነው። ሥርዓቱ ውዝፍ ለማስላት ወይም የቆየ ስህተት ለማረም ያለፉ ወራትን እንደገና የሚያሰላ ከሆነ አዲሱ ኮድ በሰኔ ለተከፈለ ደመወዝ አዲስ መልስ ያወጣል። ከዚያም የተከፈለውንና እንደገና የተሰላውን አወዳድሮ የሳንቲሞች ማስተካከያ ይፈጥራል፤ ይህንንም የትርፍ ሰዓት ክፍያው ለተለወጠ ለእያንዳንዱ ሰው፣ ወደ ኋላ ለሄደበት ወር ሁሉ ያደርገዋል። ለውጡ የሚጀምርበት ወር በኮዱ ውስጥ ካልተጻፈ ይህ መከሰቱ አይቀርም። አንድ የተዘጋ ወር እንደገና ተሰልቶ ማስተካከያው ዜሮ መሆኑን የሚያረጋግጥ ቴስት ከሁሉም በፊት መመረጥ ያለበት ነው።

ከሳንቲም ወደ መቶ ብር

የሳንቲም ለውጥ የሳንቲም ጉዳት ብቻ ያመጣል ብሎ ማሰብ ይቀናል። የግብር ሠንጠረዡ ራሱ ይህን ግምት ያጠናክራል። በ14,000 ብር ላይ የታችኛው መደብ 30 በመቶ ሲቀነስ 1,350፣ የላይኛውም 35 በመቶ ሲቀነስ 2,050፣ ሁለቱም 2,850 ብር ይሰጣሉ። መስመሩ በድንበሩ ላይ ሳይቋረጥ ይቀጥላል። ስለዚህ ልክ በ14,000 ላይ የሚቆም ቴስት ከ`<` እና ከ`<=` የትኛው እንደተጻፈ ሊለይ አይችልም፤ የድንበር ቴስት ሲባል መጀመሪያ የሚመረጠው ይህ መሆኑ ያሳዝናል። ከድንበሩ አንድ ሳንቲም ከፍ ብሎ የሚፈትሽ ቴስት ይሻላል፦ ግብሩ ከአንድ ሳንቲም በላይ ከዘለለ ከሚቀነሱት ቁጥሮች አንዱ ተሳስቷል ማለት ነው።

አደጋው ያለው ሠንጠረዡ በሚጻፍበት መንገድ ነው። በወረቀት ላይ መደቦቹ ከ7,001 እስከ 10,000፣ ከ10,001 እስከ 14,000 እየተባሉ ይዘረዘራሉ። ፕሮግራመሩ ይህንኑ ቃል በቃል ወደ ኮድ ካዞረው በ10,000 እና በ10,001 መካከል ክፍተት ይፈጠራል። ከለውጡ በፊት ጥቅል ገቢው ልክ 10,000.00 የነበረ ሠራተኛ አሁን 10,000.04 ቢሆን በየትኛውም መደብ አይገባም። ኮዱ ያልተገኘውን ሁሉ ወደ መጨረሻው `else` የሚጥል ከሆነ በ35 በመቶ ይሰላና 2,050 ይቀነስለታል፤ ግብሩ 1,450.01 ይሆናል። ትክክለኛው 1,650.01 ነው። አራት ሳንቲም ጨምሮ ግብሩ በ200 ብር አነሰ።

ይህ ስህተት ከለውጡ በፊትም ነበረ፤ ለውጡ ወደ እሱ የሚወስድ መንገድ ከፈተ እንጂ አልፈጠረውም። የግብር ፈንክሽኑ ስላልተቀየረ በቀጥታ የሚፈትሹት ቴስቶች አይመረጡም፤ ቢመረጡም የድሮ ግብዓታቸውን ይዘው ስለሚሄዱ ያልፋሉ። የትኛውም የምርጫ ዘዴ የሚመርጠው ካሉት ውስጥ ነው። ለውጡ ወደ ታች ለሚልካቸው አዳዲስ ቁጥሮች ቴስት መኖሩን መጠየቅ የሰው ሥራ ሆኖ ይቀራል።

ጊዜ ያለፈባቸው ቴስቶች

ለውጡ ከገባ በኋላ 685.05 የሚጠብቅ ቴስት ካለ ይወድቃል። ይህ ውድቀት የተጠበቀ ነው። ሊየንግና ዋይት እ.ኤ.አ. በ1989 የድሮ ቴስቶችን ሲከፋፍሉ እንደነበሩ የሚያገለግሉ፣ እንደገና መሄድ ያለባቸው እና ጊዜ ያለፈባቸው ብለው ለይተው ነበር። የመጨረሻዎቹ የሚጠብቁት መልስ በአዲሱ ደንብ መሠረት ትክክል መሆኑ ያበቃ ነው።

በተግባር አደጋ የሚገባው በዚህ በር ነው። ብዙ ቴስቶች በአንድ ጊዜ ሲወድቁ የሚጠበቁትን መልሶች በአንድ ትእዛዝ በአዲሱ ውጤት መተካት ይቀላል። ከዚያ በኋላ ሁሉም አረንጓዴ ነው፤ ግን ቴስቶቹ አሁን የሚናገሩት ኮዱ የሚያወጣውን እንጂ ማውጣት ያለበትን አይደለም። ጡረታው በስህተት ከጥቅል ገቢ ተሰልቶ ከ665 ወደ 712.96 ቢዘል እንኳ አብሮ ይጸድቃል። ስለዚህ የሚተካ መልስ ሁሉ በሌላ እጅ፣ በወረቀት ወይም በኤክሴል ከአዲሱ ደንብ ተነስቶ መሰላት አለበት። ጡረታን ለብቻው የሚፈትሹ ቴስቶች ደግሞ በዚህ ለውጥ ከወደቁ የሚታረመው ኮዱ ነው፤ መልሳቸውን መንካት አይገባም።

ፔይስሊፑን የሚፈትሽ ቴስትም የራሱ ጥያቄ አለው። ወረቀቱ ላይ የሰዓት ተመን 45.67 ተብሎ የሚታተም ከሆነ ሠራተኛው በስልኩ ካልኩሌተር በ15 አባዝቶ 685.05 ያገኛል፤ ፊት ለፊቱ የተጻፈው ግን 685.10 ነው። ስሌቱ ትክክል ሆኖ ወረቀቱ ውሸት ይመስላል። ተመኑን ከነጥብ በኋላ በአራት አሃዝ ማተም ይህን ያስተካክላል፤ 45.6731 በ15 ሲባዛ 685.10 ይጠጋል።

በእውነተኛ ደመወዝ ማወዳደር

ሦስተኛው መንገድ የልምድ መንገድ ነው። ያለፈውን ወር ሙሉ መረጃ ቅጂ ወስዶ በቀድሞውና በአዲሱ ኮድ አስልቶ ልዩነቱን ሠራተኛ በሠራተኛ ማየት። ብዙ የፔይሮል ባለሙያዎች ምንም የምርምር ጽሑፍ ሳያነቡ የሚደርሱበት ዘዴ ነው፤ ደመወዛቸው እንደ 10,400 ያለ ቀና ቁጥር ያልሆነ ሰዎችን በገፍ ስለሚያመጣ ከላይ ያየነውን የቴስት ድክመት ይሞላል።

ዋጋ የሚኖረው ግን የሚጠበቀው ልዩነት አስቀድሞ ሲጻፍ ነው። በእኛ ለውጥ ልዩነቱ ምን ያህል ሊሆን እንደሚችል ማስላት ይቻላል። የሰዓት ተመኑን ማጠጋጋት ቢበዛ ግማሽ ሳንቲም ያዛባል፤ እሱ በሰዓቱና በማባዣው ይባዛል፤ ከዚያ በሁለቱም ወገን የመጨረሻው ማጠጋጋት ቢበዛ አንድ ሳንቲም ይጨምራል። ለ10 ሰዓት በ1.5 ሲሰላ 0.075 እና 0.01፣ ማለትም 8 ሳንቲም ተኩል ይመጣል፤ ክፍያው በሙሉ ሳንቲም ስለሆነ ልዩነቱ ከስምንት ሳንቲም ሊያልፍ አይችልም። ስለዚህ ማወዳደሪያው ሦስት ጥያቄ ይጠይቃል፦ ትርፍ ሰዓት የሌለው ሁሉ ልዩነቱ በትክክል ዜሮ ነው? ትርፍ ሰዓት ያለው ሁሉ ልዩነቱ ከጣሪያው በታች ነው? የሁሉም ጡረታ፣ የሠራተኛው 7 በመቶም የአሠሪው 11 በመቶም፣ ሳይነካ ቀርቷል? ከሦስቱ አንዱን የጣሰ ሠራተኛ ካለ እሱ ነው መታየት ያለበት። በ10,000.04 ላይ የወደቀው ሠራተኛ ትርፍ ሰዓት ስላለው የመጀመሪያውን ጥያቄ ያልፋል፤ የተጣራ ክፍያው በ200 ብር ስለዘለለ ግን ሁለተኛው ላይ ይያዛል።

ድክመቱም መታወቅ አለበት። ያለፈው ወር በዓል ከሌለበት የ2.5 ማባዣ አይፈተንም። በወሩ አጋማሽ የተቀጠረ፣ ደመወዙ የተሻሻለለት ወይም ከሥራ የለቀቀ ሰው ከሌለ እነዚህም አይታዩም። ሁለቱም ኮዶች የሚጋሩት ስህተት ደግሞ በልዩነት ላይ ጨርሶ አይወጣም። በተጨማሪም የእውነተኛ ሰዎች ደመወዝ ወደ መፈተኛ ማሽን ሲቀዳ ስምና የባንክ ሒሳብ ቁጥር መሰወር አለበት።

ምን ይመረጥ

ዩና ሃርማን እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመው ሰፊ ዳሰሳቸው መስኩን በሦስት ከፍለውታል፦ የቴስቶችን ቁጥር መቀነስ፣ ለአንድ ለውጥ የሚስማማውን መምረጥ እና ቅደም ተከተል ማስያዝ። ለፔይሮል የመጀመሪያው አያዋጣም። ሁለት ቴስቶች አንድ ዓይነት መስመር ስለነኩ አንዱ ይጣል ቢባል የ10,400 ብሩ ቀርቶ የ9,500 ብሩ ሊጣል ይችላል፤ የሚነኩት መስመር አንድ ነውና። መምረጥና ማስቀደም ግን አብረው ይሄዳሉ።

ለዚህ ለውጥ ሦስቱን መንገዶች ካጣመርን የሚመጣው ዕቅድ አጭር ነው። ትንንሾቹ ቴስቶች ያለ ምርጫ ሁሉም ይሄዳሉ። ከባዶቹ ደግሞ ጊዜ ቢያጥር እንኳ ጉዳቱ የከፋው ቀድሞ እንዲታይ በቅደም ተከተል ይሄዳሉ፦ መጀመሪያ የተዘጋ ወር እንደገና ተሰልቶ ማስተካከያው ዜሮ መሆኑ፤ ቀጥሎ ያለፈው ወር ንጽጽር ከነሦስት ጥያቄዎቹ፤ ከዚያ የጆርናሉና የሪፖርቱ መመጣጠን ትርፍ ሰዓት በቀላቀለ ሠራተኛ ላይ፤ በመጨረሻ የፔይስሊፑ ኅትመት። ከሌሉ ሦስት አዳዲስ ቴስቶች ይጻፋሉ፦ የሚጨምርለት 9,500፣ የሚቀንስበት 9,000 እና በመደቦች መካከል የሚወድቀው 10,000.04። ትርፍ ሰዓት የሌላቸውን ሠራተኞች የሚመለከቱ ረጃጅም የእጅ ፍተሻዎች ሊቀሩ ይችላሉ፤ ንጽጽሩ ለእነሱ ዜሮ ካለ ኮድ ተከታዩ መሣሪያ ቢመርጣቸውም ምክንያት የላቸውም።

ዕቅዱ የቆመው በአንድ ሐሳብ ላይ ነው። መሣሪያዎቹ የሚመልሱት ማን በተቀየረው ኮድ ያልፋል የሚለውን ነው፤ በደመወዝ ሥራ ግን የሚያስፈልገው መልስ የማን ገንዘብ ይለወጣል፣ በምን ያህል፣ የማንስ መለወጥ የለበትም የሚለው ነው። ይህ መልስ ከለውጡ በፊት በሁለት በሦስት ዓረፍተ ነገር ካልተጻፈ የትኛውም ምርጫ መመዘኛ የለውም። ዓረፍተ ነገሮቹን መጻፍ ያለባቸው ደግሞ ፕሮግራመሩና የፋይናንስ ባለሙያው አብረው ናቸው፤ አንዱ ኮዱ ሠራተኛውን በየት እንደሚያሳልፍ፣ ሌላው ሳንቲሙ የት ሊደርስ እንደሚገባ ያውቃል።